«ሱቄ ክፍት ሆኖ ‹ዝግ ነን› ይልካል» ለምትሉኝ

«ሰዓቱን በትክክል አስገብቻለሁ። ሱቄ ክፍት ሆኖ እያለ ግን ዋትሳፑ ለደንበኛ ‹ዝግ ነን› እያለ ይልካል። ተበላሽቶ ነው መሰለኝ፣ አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?»

አታጥፉት። ዋትሳፕ ቢዝነሱ ደህና ነው፣ የተሳሳተው የገባው ሰዓት ነው። አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ሰሞኑን ስክሪን ተሰብሮበት ከሚመጣው ሰው ይልቅ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ባለሱቅ በልጦብኛል። ሁሉም «በትክክል አስገብቻለሁ» ብሎ ይጀምራል፣ ስከፍተው ሁሉም ጋ ያው ስህተት አለ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ጠዋት 2 ሰዓት ስለምከፍት 2:00 AM ብዬ ሞላሁ»

ስልኩ የኛን ሰዓት አቆጣጠር አያውቅም። እሱ ጋ 2:00 AM ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ጅብ ብቻ የሚዞርበት ሰዓት።

የልጆች ጫማ የምትሸጥ ደንበኛ አለችኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ትከፍታለች፣ ማታ 2 ሰዓት ትዘጋለች። የሥራ ሰዓቷ ላይ የሞላችው መክፈቻ 2:00 AM፣ መዝጊያ 2:00 PM ነበር። AM ጠዋት፣ PM ማታ ነው ብላ ነው፣ እንደኛ ቆጠራ ስታስቡት አይፈረድባትም። ስልኩ የገባው ግን «ይቺ ሴትዮ ከሌሊቱ 8 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ክፍት ናት» ብሎ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን በስሟ ሱቋን መዝጋት ጀመረ። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት፣ እናቶች «28 ቁጥር አለ?» እያሉ የሚጽፉበት ሰዓት ማለት ነው። እሷ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ ደንበኛ ትጠብቃለች፣ የጻፈላት ሰው ሁሉ ደግሞ «አሁን ዝግ ነን፣ ጠዋት እንመልሳለን» የሚል ይደርሰዋል። አንዷ ከወንጂ ተነስታ አዳማ ደርሳ ነው የጻፈችላት። «ዝግ ነን» ሲላት ሁለት ሱቅ አለፍ ብላ ከሌላ ገዝታ ተመለሰች።

በሌላ በኩል ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የጻፈ ሰው ምንም መልስ አላገኘም። ለምን? ስልኩ በዚያ ሰዓት ሱቁ ክፍት ነው ብሎ ያምናላ።

ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት አላየሽውም ስላት «እህቴ የምትጽፈው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። አንዳንዴ ስልኩን እህቷ ትይዘዋለች። አውቶማቲኩ መልስ እኮ ቻቱ ውስጥ እንደ ማንኛውም የላካችሁት መልእክት ነው የሚታየው። የጠረጠረ ሰው የትናንት ከሰዓት በኋላ ቻቶችን ከፍቶ ይይ፣ ያልጻፈው «ዝግ ነን» እዚያ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። በኛ ሰዓት ላይ 6 ትደምራላችሁ፣ ከ12 ካለፈ 12 ትቀንሳላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት 8:00 AM ይሆናል። ቀን 7 ሰዓት 1:00 PM ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ደግሞ 8:00 PM። የምትሞሉበት ቦታ «ዝግ ነን» የሚለው አውቶማቲክ መልስ ያለበት Away message ውስጥ አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚጠፋውም እዚህ ጋ ነው። አንድሮይድ ላይ ከታች Tools የሚል ካለ እሱን፣ ከሌለ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክታችሁ Business tools ውስጥ ግቡ። አይፎን ላይ Settings ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚያ Business profile ከፍታችሁ የሥራ ሰዓታችሁን በየቀኑ ሙሉ። ከዚያ ተመልሳችሁ Away message ውስጥ Schedule የሚለውን ወደ Outside of business hours ቀይሩ። ፕሮፋይሉ ላይ ሰዓት ካልተሞላ ይሄኛው ምርጫ አይሠራላችሁም። «ሁልጊዜ ክፍት» ብላችሁ ከሞላችሁ ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚባል ነገር ስለሌለ መልእክቱ መቼም አይወጣም። ምልክት ያላደረጋችሁበት ቀን እንደ ዝግ ይቆጠራል። እሁድ የምትሠሩ ከሆነ እሁድን እንዳትረሱ።

መልእክቱ ውስጥ የምትጽፉትን ሰዓት ግን በኛው ጻፉ፣ የሚያነበው ሰው ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስንከፍት እንመልሳለን» በቂ ነው። «በ8:00 እንከፍታለን» ብሎ የጻፈ ባለሱቅ አውቃለሁ፣ ደንበኞቹ ከቀኑ 8 ሰዓት እየመሰላቸው እስከዚያ ድረስ ዝም አሉት።

መስተካከሉን ለማየት የሌላ ሰው ስልክ ተዋሱና ሱቁን ልትዘጉ ትንሽ ሲቀራችሁ የራሳችሁን የቢዝነስ ፕሮፋይል ክፈቱ። ሱቁ ክፍት ሆኖ እያለ እዚያ ዝግ ነው የሚል ከታየ ሰዓቱ አሁንም ተዛብቷል ማለት ነው።

«ለበዓል ስዘጋ ራሱ ያውቃል»

አያውቅም። በዓል ካላንደሩ ውስጥ የለም። ለጥምቀት ሁለት ቀን የምትዘጉ ከሆነ Schedule ላይ Custom schedule መርጣችሁ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀንና ሰዓት ራሳችሁ ትሞላላችሁ፣ እሱም በፈረንጅ ቀን ነው። ጥር 11 አብዛኛውን ዓመት January 19 ነው፣ በ2016 ግን January 20 ነበር። ስለዚህ ከግድግዳችሁ ካላንደር ላይ አይታችሁ ሙሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። Schedule ላይ መምረጥ የሚቻለው አንዱን ብቻ ነው። ወደ Custom schedule ስትቀይሩ የማታ ማታው መልስ ይቆማል። በዓሉ ካለፈም በራሱ አይመለስም፣ እናንተ ናችሁ ወደ Outside of business hours የምትመልሱት። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሳምንት «ማታ ማታ መልስ መላክ አቆመ» ብሎ የመጣውን ሰውዬ ችግር ያገኘሁት በግማሽ ደቂቃ ነው።

«ዳታ ብዘጋም ይልካል»

አይልክም። የሚልከው የእናንተው ስልክ ነው፣ ለመላክ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ማታ ፓኬጅ እንዳያልቅ ብላችሁ ዳታ አጥፍታችሁ ከተኛችሁ፣ ወይም ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሌሊት የጻፈ ደንበኛ ምንም አይደርሰውም። ማታ መልስ የሚፈልግ ሰው ለሱቁ ስልክ የሌሊት ፓኬጅ ይግዛ ወይም ቤት ዋይፋይ ካለ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ይተወው።

«ሞከርኩት፣ አይሠራም»

ከማን ስልክ ሞከራችሁ? Recipients የሚለው ላይ Everyone not in address book ከመረጣችሁ፣ ቁጥሩን ለመዘገባችሁት ሰው አይሄድም። ብዙዎቹ ደግሞ የሚሞክሩት ከባላቸው ወይም ከእህታቸው ስልክ ነው። እኔ ይህን ምርጫ እወደዋለሁ፣ እናታችሁ ማታ «ደረስሽ ወይ?» ብላ ስትጽፍ «ውድ ደንበኛችን» እንዳትባል። ለሙከራ ብቻ ያልተመዘገበ ቁጥር ፈልጉ። ቋሚ ደንበኞቻችሁን ሁሉ በስማቸው የምትመዘግቡ ከሆነ ግን ምርጫው አይሆናችሁም፣ Everyone except... የሚለውን ወስዳችሁ ቤተሰቡን ብቻ አስቀሩ።

«ግሪቲንግ እና አዌይ አንድ ናቸው»

አይደሉም። ግሪቲንግ የሰላምታ መልእክት ነው፤ የሚሄደው ለመጀመሪያ ጊዜ ለጻፈ ወይም 14 ቀን ዝም ብሎ ለቆየ ሰው ነው፣ ሱቁ ክፍት ቢሆንም። ግሪቲንጉ ውስጥ «ዝግ ነን» እንዳትጽፉ።

«ቢዝነሱ ያስከፍላል»

አፑ ነጻ ነው። የምትከፍሉት ለዳታ ነው።

«ኩዊክ ሪፕላይ ካስገባሁ ደንበኛው ‹ዋጋ› ሲል ራሱ ይመልሳል»

ይሄኛውን ስሰማ ጥርሴን ነው የማፋጨው። ኩዊክ ሪፕላይ የእናንተን ጣት ነው የሚያሳርፈው፣ ደንበኛውን አይሰማም። ቻት ውስጥ ገብታችሁ / ስትጽፉ ያዘጋጃችኋቸው መልሶች ይዘረዘራሉ፣ አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ካስፈለገ ታስተካክሉታላችሁ፣ ትልካላችሁ። ላኩን ካልነካችሁ አይሄድም። 50 ድረስ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ለአንድ ሱቅ ግን አምስት ይበቃል። ለጫማ ሻጯ ያስገባሁላት አራት ነው፦

```
/waga   የዋጋ ዝርዝር
/bota   ሱቁ የት እንደሆነ
/hisab  የባንክና የቴሌብር ቁጥር
/lik    እግር እንዴት እንደሚለካ
```

አቋራጮቹን በላቲን ፊደል ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ ላይ / ፍለጋ ከመዞር ይህ ይፈጥናል። ደንበኞቿ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፉ ብዙ ስለሆኑ ለ/bota እና ለ/waga ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጅታለች፣ አቋራጩ መጨረሻ ላይ o ብቻ ጨምራ።

በጣም ትልቁ ጥቅም ያለው /hisab ላይ ነው፣ ትልቁ አደጋም እዚያው ነው። አንዴ የተሳሳተ የሂሳብ ቁጥር ከገባ ለመቶ ሰው የሚሄደው ያው ስህተት ነው። ካስገባችሁ በኋላ ቁጥሩን ከባንክ ደብተሩ ጋር ሁለት ሰው አንብቦ ያስተያየው። ከዚያ ለራሳችሁ ሌላ ስልክ ልካችሁ፣ የመጣውን ኮፒ አድርጋችሁ የባንኩ አፕ ላይ ለጥፉትና ስማችሁ መውጣቱን እዩ። ስሙ ከወጣ በኋላ ማስተላለፉን ሰርዙት።

ዋጋ ሲቀየር ደግሞ /waga አብሮ አይቀየርም። ጫማ ሻጯ አዲስ ዕቃ ከመርካቶ ስታመጣ በእጇ ዋጋ ትለጥፋለች እንጂ ስልኩን አትነካም ነበር። አንዲት ገዥ ቻቱን ከፍታ «ትናንት የላክሽልኝ ይሄ ነው» ብላ በአሮጌው ዋጋ ከፍላ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ /waga የሚለው ውስጥ ቁጥር የለም፣ «የየትኛውን ጫማ ነው? ፎቶውን ይላኩልኝ» ብቻ ነው የሚለው።