የበጀት ጉድለትን ለገጠር ውሃ ኮሚቴ ማስረዳት፦ የአንድ ጀሪካን ሒሳብ ከወሎ ቆላ

በወሎ ደጋ ብዙው የገጠር ንጹሕ ውሃ ከጎለበተ ምንጭ በራሱ ክብደት እየወረደ ቦኖ ይደርሳል። ነዳጅ አይበላምና ኮሚቴው በትንሽ መዋጮ ጥበቃውንና ጥገናውን ይሸፍናል። ቆላው ግን ሌላ ነው። በቆቦ፣ በሐብሩ፣ በቃሉና በባቲ በኩል ውሃ የሚገኘው በብዙ ቦታ ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ጄኔሬተር ካልተነሳ ቦኖው ደረቅ ነው፤ ጄኔሬተር ደግሞ ናፍጣ ይፈልጋል። ከውሃ ኮሚቴዎች መካከል የበጀት ጉድለት ጠንክሮ የሚነካቸው እነዚህ ናቸው።

ኮሚቴውን ተጠቃሚው ይመርጠዋል። አርሶ አደር፣ ባለሱቅ፣ የቤት እመቤት፣ ሸኽ ወይም ቄስ ይገኙበታል። ሒሳብ የተማረ ብዙ ጊዜ የለም፣ መኖሩም ግዴታ አይደለም። አመቱን ሙሉ ውሃ ሲሸጡና ናፍጣ ሲገዙ የኖሩ ሰዎች ናቸውና ቁጥሩ የሚጠፋባቸው በአምድና በረድፍ ተሞልቶ ሲቀርብ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። ጉድጓዱ በአመት 12,000 ሜትር ኩብ ውሃ ያወጣል። በቦኖዎቹ ቆጣሪ ተለክቶ የተሸጠው 9,000 ነው። አንድ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስለሚሞላ፣ የተሸጠው 450,000 ጀሪካን ይሆናል። ዋጋው በጀሪካን 1 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው ያልከፈሉት 30,000 ብር ስላለ፣ በእጅ የገባው 420,000 ብር ነው። ወጪው ደግሞ ለናፍጣ 400,000፣ ለሞተር ሠራተኛ፣ ለጥበቃና ለቦኖ ሻጮች 150,000፣ ለጥገና 50,000፣ በድምሩ 600,000 ብር ነው። የጎደለው 180,000 ብር ነው።

ይህ ቁጥር ስብሰባው ላይ እንደወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገንዘብ ያዡ ነው። ስለዚህ አስረጂው ከማንኛውም ነገር በፊት የገቢ ደረሰኙን፣ የናፍጣ ግዢ ደረሰኙንና የባንክ ደብተሩን አቅርቦ ለሒሳብ ተቆጣጣሪው ማስመርመር አለበት። የተሰበሰበው ሁሉ ባንክ መግባቱ፣ የወጣው ሁሉ ደረሰኝ እንዳለው በሰው ፊት ከታየ በኋላ ብቻ ነው ውይይቱ ወደ ዋጋና ወጪ የሚሻገረው። ይህ ተዘልሎ በቀጥታ ወደ ዋጋ ጭማሪ የተገባበት ስብሰባ በጭቅጭቅ ይበተናል፤ ሰዎቹም አይፈረድባቸውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፦ «ጎድሎ ከነበረ ውሃው እንዴት ሳይቆም አመቱ አለፈ?» የሚል ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ባንክ ደብተሩ ላይ አለ። አመቱ ሲጀምር 300,000 ብር ተቀማጭ ነበር፣ አሁን 120,000 ቀርቷል። ጉድለቱን የከፈለው የቀድሞው ቁጠባ ነው። በወር ሲካፈል 15,000 ብር ከተቀማጩ እየወጣ ነበር ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ የቀረው 120,000 ለስምንት ወር ይበቃል፤ ከሐምሌ 1 ቢቆጠር የካቲት ማለቂያ ላይ ያልቃል። በወሎ የካቲት የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ወር ነው። በልጉ ከቀረ ኩሬውና ወንዙ ይደርቅና ሰውም ከብትም ቦኖው ላይ ይወድቃል፤ ናፍጣ መግዣ የሚጠፋው ልክ ያኔ ነው። ለኮሚቴው አባላት 180,000 ከሚለው ቁጥር ይልቅ «የካቲት» የሚለው ይበልጥ ይናገራል።

ከዚያ ጉድለቱ ወደ ጀሪካን ይውረድ። 600,000 ብር ለ450,000 ጀሪካን ሲካፈል አንዱ ጀሪካን 1 ብር ከ33 ሳንቲም ግድም ያስወጣል። የሚሸጠው በ1 ብር ነው። በእያንዳንዱ ጀሪካን 33 ሳንቲም ይጎድላል፤ ይህ ተደምሮ 150,000 ብር ይሆናል። የቀሩት 30,000 ብር ያልተሰበሰቡት የተቋማት እዳ ናቸው። ስለዚህ ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ከወጪው በታች የተሸጠ ውሃና ተሸጦ ያልተከፈለበት ውሃ። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

ዋጋ ከመነካቱ በፊት የሚታየው የባከነው ውሃ ነው። ከጉድጓድ ከወጣው ሩቡ፣ 3,000 ሜትር ኩብ፣ ቦኖ ቆጣሪ ላይ አልታየም፤ ናፍጣው ግን ተቃጥሎለታል። የት እንደሄደ ለማወቅ ባለሙያ ሳይጠበቅ የሚሠራ ፍተሻ አለ። ማታ ቦኖዎቹ ሁሉ ተዘግተው፣ ሞተሩም ጠፍቶ የታንከሩ ውሃ ከፍታ ይለካል፤ ንጋት ላይ ከመከፈቱ በፊት እንደገና ይለካል። ከወረደ ታንከሩ ወይም ከታንከሩ ወደ ቦኖ የሚወርደው መስመር ያፈሳል። ካልወረደ ውሃው የሚጠፋው ቀን ነው፦ ወይ ከጉድጓዱ ወደ ታንከሩ የሚወጣው መስመር ያፈሳል፣ ወይ የቦኖው ቆጣሪ ተበላሽቷል፣ ወይ ሳይለካ የሚቀዳ አለ። በምሳሌው አንድ ሊትር ናፍጣ 3 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ ዋጋው 100 ብር ነው። ብክነቱ በግማሽ ቢቀንስ 500 ሊትር፣ ማለትም 50,000 ብር በአመት ይተርፋል። ብክነትን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አይቻልም፤ እንደሚቻል አድርጎ ማቅረብ ኮሚቴውን ማታለል ነው።

ተቋማቱ ከዚህ በኋላ በየወሩ እንዲከፍሉ ከተደረገ 30,000 ብር ይገኛል። ያለፈውን እዳ ማስከፈል አንድ ጊዜ ብቻ ይረዳል፤ የየአመቱን ቀዳዳ የሚደፍነው የወደፊቱ ክፍያ ነው። ሁለቱ ተደምረው ጉድለቱን ወደ 100,000 ያወርዱታል።

ለዚህ ዋጋ መነካቱ አይቀርም። ጀሪካኑ 1 ብር ከ25 ቢሆን አራት ጀሪካን 5 ብር ይሆናል፤ ቦኖ ሻጩ ከመልስ ጋር አይታገልም፣ ኩፖን መሸጥም ይቀላል። ሽያጩ ካልቀነሰ ጭማሪው 112,500 ብር ያመጣል፤ ጉድለቱን ሸፍኖ 12,500 ይተርፋል። ዋጋ ሲጨምር ግን አንዳንዱ ቤተሰብ ወደ ወንዝ ይመለሳል። ሽያጩ በአሥር በመቶ ቢወርድ ገቢው በ56,250 ብር ብቻ ይጨምራል፣ ከናፍጣ ደግሞ 30,000 ይቆጠባል፤ ያኔ 13,750 ብር ይጎድላል። ሁለቱም ስሌት መቅረብ አለበት። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ድሆች በነጻ ይቅዱ ከተባለም ስማቸው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ወጪውም ይታወቅ፤ ሳይመዘገብ ሲቀር በብክነት ውስጥ ይደበቃል።

በጣም የሚያሳስበው ሁልጊዜ ቀላል መስሎ የሚቀርበው አማራጭ ነው፦ የዘንድሮን ጥገና ማሳለፍ። ወረቀቱ ላይ 50,000 ብር ወዲያው ይቀንሳል። ዘይቱና ማጣሪያው በጊዜው ያልተለወጠ ጄኔሬተር ግን ሲቆም የሚጠይቀው ከዚያ በላይ ነው፣ እስኪጠገንም ሽያጭ የለም። በ600,000 ወጪ ውስጥ አዲስ ፓምፕ መግዣ አለመቆጠሩንም ኮሚቴው ማወቅ አለበት። ፓምፑ 300,000 ብር አውጥቶ አሥር አመት የሚያገለግል ቢሆን በየአመቱ 30,000 መቀመጥ ነበረበት። ይህ ለብቻው ይነገር፤ ከጉድለቱ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ግልጽነታቸውን ያጣሉ።

ከወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ድጋፍ መጠየቅም ይቻላል። የመንግሥት በጀት አመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄው በጀቱ ሲታቀድ መድረስ ይኖርበታል። ለመስመር ጥገና ወይም ለፓምፕ ቢጠየቅ ያስኬዳል። ለየዕለቱ ናፍጣ ድጋፍ መጠበቅ ግን የጀሪካኑን 33 ሳንቲም ለሚቀጥለው አመት ማቆየት ነው።

የዋጋው ውሳኔ ለተጠቃሚው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ቀኑ ከጁምዓ፣ ከበዓልና ከገበያ ጋር እንዳይጋጭ ሆኖ ይቆረጣል፤ ለባቲ አካባቢ ሰኞ አይታሰብም። ቃለ ጉባኤው ዋጋውን፣ የሚጀምርበትን ቀንና የታንከር ልኬቱን ኃላፊ ይይዛል። መፈተሻም ይጻፍበታል፦ ታኅሣሥ 30 የባንክ ደብተሩ ይታያል። ነገሩ በነበረበት ከቀጠለ 30,000 ብር ብቻ ይቀራል፤ ከ75,000 በታች ከሆነ እርምጃው ግማሽ እንኳ አልሠራምና፣ ተጠቃሚው ጥር ላይ፣ ገንዘቡ ሳያልቅ፣ እንደገና ይጠራል።