ስለ ትምህርት ቤት የዕቃ ዝርዝር በየነሐሴው የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የጋራ ዕቃ ከሆነ ሁላችንም አንድ አንድ እናምጣ፤ ፍትሐዊው እሱ ነው።»

ይህን ለ13 ዓመት ሰምቻለሁ። የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው። የክፍሌን የዕቃ ዝርዝርም በየዓመቱ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህን ሲል አዳራሹ ሁሉ ይስማማል። እኔን ግን በጣም ያበሳጨኛል። ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ የሁሉንም ወላጅ ብር ያባክናል፤ ክፍሉም የሚያስፈልገውን አያገኝም።

ወረቀትን እንውሰድ። ክፍሌ ውስጥ 42 ልጆች አሉ። ለሥዕል፣ ለቆረጣና ለመልመጃ ለአንድ ልጅ በሳምንት ሁለት ሉክ ይበቃዋል። በዓላቱና የፈተና ቀናቱ ሲቀነሱ ክፍል ውስጥ የምንሠራው ወደ 38 ሳምንት ነው። 42ን በ2፣ ከዚያም በ38 ስናባዛ 3,192 ሉክ ይመጣል። አንድ ደስጣ 500 ሉክ አለው። ስለዚህ ሰባት ደስጣ ዓመቱን ያደርሰናል፤ ለብልሽት የሚሆን 308 ሉክም ይተርፋል።

ሁሉም ወላጅ አንድ አንድ ደስጣ ቢያመጣስ? 42 ደስጣ፣ ማለትም 21,000 ሉክ ይሆናል። ይህ ክፍሌን ከስድስት ዓመት በላይ ያቆየዋል። ዛሬ ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ሰባተኛ ክፍል ሲገቡም ያልተከፈተ ወረቀት ይኖረናል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት አይደለም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት ዝርዝሩ «ወረቀት 1» ይል ነበር። 46 ወላጆች 46 ደስጣ አመጡ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲሞላ የቀረው ኮሪደር ላይ፣ መስኮት ሥር ተደረደረ። ክረምቱ ሲመጣ የታችኞቹ እርጥበት ጠጥተው አበጡ። እርጥብ ወረቀት ደግሞ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ እየተጣበቀ ይቀራል፤ ልጅ ሲስልበትም ይቀደዳል። በዚያው ዓመት ለ46 ልጅ የነበረን መቀስ አምስት ብቻ ነበር። ዝርዝሩ «መቀስ፦ የጋራ» ይላል እንጂ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚያመጣ አይናገርም። ሁሉም ሌላው ያመጣል ብሎ ተወው። ቆረጣ የምናስተምርበት ቀን ሲደርስ 41 ልጆች ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራው ሳይደርሳቸው ደወል ይደወላል።

ከዚያ በኋላ «መምህራኑ ወረቀቱን ይሸጡታል» የሚል ወሬ ተነሣ። መልስ አልነበረኝም። ስንት እንደሚያስፈልግ የትም ቦታ አልተጻፈማ! አንዲት እናት ያንን ደስጣ የገዙት ተበድረው እንደነበር ሲነግሩኝ በጣም አፈርኩ። ዝርዝሩን በሦስት ዓምድ ከፍዬ መጻፍ የጀመርኩት በሚቀጥለው ዓመት ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። 42ቱን ልጆች በሰባት ጠረጴዛ፣ ስድስት ስድስት አድርጌ አስቀምጣለሁ። የጋራ ዕቃውን ለአንድ ጠረጴዛ በሚበቃ መጠን ስድስት ቦታ እከፍለዋለሁ፦ አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ሁለት መቀስ፣ ሁለት ባለ 12 ከለር፣ ኮላ፣ የእጅ ሳሙና፣ ባለቀለም ካርቶን። የአንድ ጠረጴዛ ስድስት ወላጆች በስብሰባው ላይ ዕጣ ያወጣሉ። እያንዳንዱ የሚገዛው የደረሰውን ብቻ ነው። ሰባቱም ጠረጴዛ እንዲሁ ሲያደርግ ሰባት ደስጣ፣ 14 መቀስና 14 ከለር ይገባል። መቀሱ ለሦስት ልጅ አንድ ይደርሳል። አንዱ ሲቆርጥ ሁለቱ ቀለም ይቀባሉ ወይም ይለጥፋሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ሶፍት ግን እንደዚህ አይካፈልም። በክፍሌ በዓመት ወደ 100 ጥቅል ያልቃል፤ ጉንፋን በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ይህ ለ42 ሲካፈል በልጅ ከሁለት ጥቅል በላይ ስለሚሆን በነፍስ ወከፍ ማምጣቱ ልክ ነው። ወረቀት ከሌላው ዕቃ ስለሚወደድ፣ የወረቀት ዕጣ የወጣላቸው ሰባት ወላጆች ሶፍት አያመጡም። የቀሩት 35 ሦስት ሦስት ሲያመጡ 105 ጥቅል ይሆናል።

ዝርዝሩ በከፊል ይህን ይመስላል።

| ዕቃ | ለአንድ ተማሪ | ለክፍሉ በጋራ (42 ልጅ) | ወላጅ የሚያመጣው |
|---|---|---|---|
| ባለ 50 ቅጠል ደብተር | 8 | – | 8 |
| እርሳስ | 12 | – | መስከረም 6፣ የካቲት 6 |
| ላጲስ | 4 | – | መስከረም 2፣ የካቲት 2 |
| ወረቀት | – | 7 ደስጣ | ዕጣ የወጣለት 1 ደስጣ |
| መቀስ (ጫፉ ክብ) | – | 14 | ዕጣ የወጣለት 2 |
| ሶፍት | – | 100 ጥቅል ገደማ | ወረቀት ያልደረሰው 3 |
| ጠመኔ፣ ማርከር | – | እንደ አስፈላጊነቱ | የለም |

የልጃችሁ ትምህርት ቤት የሚሰጣችሁን ዝርዝር ስትቀበሉ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ለስንት ልጅ እንደተሰላ ተጽፏል? ሁለተኛ፣ መለኪያው አለ? «ወረቀት 1» ደስጣ ይሁን ካርቶን ወይም እሽግ አይታወቅም። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ንፉግነት አይደለም። እኔ የሚጠይቀኝ ወላጅ ያስደስተኛል፤ ስሌቴን ያርምልኛል። ዝርዝሩ ሐምሌ ላይ የወጣ ከሆነ ደግሞ የጋራውን ዕቃ እስከ መስከረም አቆዩት። ምዝገባ ሳይዘጋ የክፍሉ ልጅ ቁጥር አይታወቅም።

«እኔ ያመጣሁት ከለር ላይ የልጄን ስም ጽፌበታለሁ፤ ሌላ ልጅ እንዳይነካው።»

ስም የሚጻፈው «ለአንድ ተማሪ» በሚለው ዓምድ ሥር ባለው ላይ ነው፦ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። የጋራ የሆነው ጠረጴዛው ላይ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንዴ አንዲት ተማሪዬ ባለ 24 ከለሯን በሁለት እጇ አቅፋ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስትጠብቅ ዋለች። አንድም ነገር አልሳለችም። እቤት «ማንም እንዳይነካብሽ» ተብላ ነበር። ልጆች የተነገራቸውን አክብረው ይይዛሉና እባካችሁ የትኛው የራሳቸው፣ የትኛው የጋራ እንደሆነ ቤት ሳላችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው።

«ደርዘን እርሳስ ልኬለት በወሩ ጨረሰ፤ ወይ ይሰረቃል ወይ ይበላዋል።»

አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሰው መቅረጫው ነው። እርሳስ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲወድቅ ውስጡ ያለው ግራፋይት ይሰባበራል፤ ከላይ ግን ደህና ይመስላል። ልጁ ሲቀርጸው ጫፉ ይረግፋል። እንደገና ይቀርጻል፣ እንደገና ይረግፋል። በአንድ ቀን ግማሹ ያልቃል። ምልክቱን ለማየት ቀላል ነው። ሲቀረጽ ግራፋይቱ ቁርጥ ብሎ ከወደቀ ውስጡ ተሰብሯል ማለት ነው። እንጨቱ ተፈርፍሮ ከወጣ ደግሞ የደነዘው የመቅረጫው ምላጭ ነው፤ እሱን ቀይሩት። በእኛ ክፍል ምላጩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መንፈቅ ዓመት አያልፍም።

አሥራ ሁለት እርሳስ ለአንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ዓመቱን ያደርሳል፤ በወር አንድ ገደማ ነው። ግን ሁሉም በአንድ ቀን ልጁ ቦርሳ ውስጥ ከገባ አይቆይም። ለዚህ ነው ስድስቱን በመስከረም፣ ስድስቱን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ የምቀበለው። ሁለቱን ለልጁ እሰጣለሁ፤ አራቱ በስሙ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። አንዱ ከልጁ ትንሽ ጣት ሲያጥር በአዲስ እቀይርለታለሁ። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ «ልጄ እርሳስ ተሰረቀበት» የሚል ስልክ በጣም ቀንሶልኛል። የወላጅ ድርሻ አንድ ነው፦ ማታ ቦርሳውን ከፍቶ ሁለቱ እርሳሶች መኖራቸውን ማየት።

«ባለ 100 ቅጠል ደብተር ይሻላል፤ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።»

ለአንደኛ ክፍል ልጅ ጀርባ ይከብዳል፤ ሽፋኑም ከመካከሉ በፊት ይገነጠላል። ባለ 50 ቅጠል ግዙ፣ ሲሞላ ቀይሩ።

«እስክርቢቶም ልጨምርለት።»

አንደኛ ክፍል ላይ አያስፈልግም። ተሳስቶ ማጥፋት መቻል አለበት።

«መንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ ምንም መግዛት የለብኝም» ወይም «መንግሥትም ቢሆን ሁሉን ገዝቼ ልጠብቅ።»

ሁለቱም ብር ያስወጣሉ ወይም ልጁን ባዶ እጁን ያስቀራሉ። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደንብ ልብስና ደብተር እያቀረበ ነው፤ ምገባም አለ። ስለዚህ ደርዘን ደብተር ይዛችሁ ከመርካቶ ከመመለሳችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ። እስኪደርስ ድረስ ሁለት ደብተርና ሁለት እርሳስ ልጁን ያስጀምሩታል። ቢዘገይ ትጨምራላችሁ።

«‹የለም› የሚለው ተረስቶ ነው፤ ለማንኛውም ላምጣ።»

አልተረሳም። ጠመኔ፣ ማርከር፣ መጥረጊያና የመምህር መዝገብ የትምህርት ቤቱ ወጪ ናቸው። ወላጅ ዓምድ ላይ «የለም» ብዬ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ባዶ ከተውኩት ሰው ይጠራጠራል፤ ካልጻፍኩት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቀስ ብሎ ወደ ወላጅ ይዞራል። ባለፈው መስከረም አንዲት እናት ሦስት ፓኮ ጠመኔ ይዘው መጡ። አመስግኜ መለስኩላቸውና «ባለ ሱቁ ከቀየረልዎት በሱ ፋንታ ለልጁ ደህና መቅረጫ ይግዙለት» አልኳቸው። በነጋታው ልጁ አዲሱን መቅረጫ ለጠረጴዛው ልጆች ሁሉ እያሳየ ገባ።