ኮምቦልቻ የተፈቀደው ቤቲንግ ዱባይ ላይ ለምን ያስከስሳል?

ኮምቦልቻ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቲኬት የሚቆርጥ የሰፈራችን ልጅ አሁን ዱባይ ነው የሚሠራው። በቀደም ደውሎ «ጋሼ፣ አካውንቴ እኮ የኢትዮጵያ ነው፤ በቪፒኤን ብጫወት ምን ችግር አለው?» አለኝ።

ችግር አለው። ሕጉ የሚያየው አካውንቱ የተከፈተበትን አገር ሳይሆን አንተ ተቀምጠህ የምትጫወትበትን ነው። እዚህ ፈቃድ ያለው ድርጅት እዚያ ፈቃድ ከሌለው ሕገወጥ ነው። ቪፒኤኑማ ነገሩን ያባብሰዋል። በኤምሬትስ የሳይበር ሕግ ወንጀል ለመፈጸም የኢንተርኔት አድራሻን መደበቅ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱ እስራት ወይም ከ500,000 ድርሃም የሚጀምር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው።

ኤምሬትስ በ2023 እ.ኤ.አ. የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። ድረ ገጹ gcgra.gov.ae ነው። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር እዚያ አለ። ልጁን «የድርጅቱን ስም ብቻ አትፈልግ» አልኩት። ስም መኮረጅ ቀላል ነው። ስልክህ ላይ የሚከፈተው አድራሻ በዝርዝሩ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ልጁ ያገኘው ገጽ ግርጌ ላይ «የኩራሳዎ ፈቃድ» የሚል አርማ ነበረው። ኩራሳዎ የካሪቢያን ደሴት ናት፤ ፈቃዷ ዱባይ ላይ አይሠራም።

ሳዑዲ ላለ ሰው ደግሞ መዝገብ መፈለግም አያሻም፤ ቁማር ጭራሽ ክልክል ነው። እንግሊዝ ከሆነ gamblingcommission.gov.uk ላይ በድርጅቱ ስም ወይም በድረ ገጹ አድራሻ መፈለግ ይቻላል።