የአማርኛ የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ገጽ

የሥዕል መጽሐፍ ገጽ ሲባል ጥቂት መስመር በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት፣ የቀረውን ቦታ ሥዕል የያዘው ገጽ ነው። ጽሑፉ ሥዕሉ ክፍት በተወው ቦታ ይገባል፤ ሰማዩ ላይ፣ ሜዳው ላይ ወይም ከባለታሪኩ ጎን። ይህ ዳሰሳ በአማርኛ ስለሚታተመው ገጽ ነው። የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ ስላለው በላቲን ፊደል የተለመደው አሠራር እንዳለ አይሠራለትም።

ጽሑፍና ሥዕልን ማጎዳኘት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍት ውስጥ የቅዱሳኑ ስም ከሥዕላቸው አጠገብ ተጽፎ እናገኛለን። በደርግ ዘመን ደግሞ ሞስኮ ታትመው የመጡ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት በብዙ ቤት ነበሩ። ብዙ የሚታወቀው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ማሞ የሚተርክ ባለቀለም መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። በሁለቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ የመጀመሪያው ባለቀለም የልጆች መጽሐፍ እንደሆነ ይነገርለታል። በቀጣዩ ዓመት በእሱ ጥረት አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በኋላም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አዋሳ ላይ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በውጭ ያሉ ወላጆችም ለልጆቻቸው በሁለት ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ይገዛሉ።

አሁን ወደ ገጹ እንግባ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። አናባቢውን የምታሳየው ትንሽ ምልክት ናት። «ቢ» እግሩ ላይ አጭር ጭረት አለችው፤ «ቤ» እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አለችው። ፊደሉ ካነሰ ወይም ቀለሙ ከፈሰሰ ቀለበቷ ትደፈናለች። ያኔ ልጁ «ቤት» የሚለውን «ቢት» ብሎ ያነባል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የገጹ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ አንባቢ ከ20 ነጥብ በታች መውረድ አይበጅም፤ 24 ቢሆን ይመረጣል። በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ያስፈልጋል። አለበለዚያ የላይኛው መስመር እግርና የታችኛው መስመር ራስ ይጠጋጋሉ።

አንድ ገጽ እንውሰድ። ሥዕሉ ላይ አህያ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ወንዙ በስተቀኝ ከታች ነው። ጽሑፉ «አህያዋ ውሃ ልትጠጣ ወደ ወንዙ ወረደች።» ይላል። ቦታ ስለጠበበ ሁለት መስመር ይሆናል። ኮምፒውተሩ ዝም ብለው ከተዉት ምናልባት እንዲህ ይቆርጠዋል፦

አህያዋ ውሃ ልትጠጣ ወደ
ወንዙ ወረደች።

«ወደ» ብቻዋን መስመር መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ልጁ እዚያ ላይ ይቆማል፣ ትርጉሙም ይበጠስበታል። በእጅ እንዲህ መቁረጥ ይሻላል፦

አህያዋ ውሃ ልትጠጣ
ወደ ወንዙ ወረደች።

የመጀመሪያው መስመር ከላይ በስተግራ፣ ሰማዩ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛው ከሥሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ የቁልቁለቱን አቅጣጫ ይከተል። ዓይን አህያዋን ተከትሎ ወደ ወንዙ ይሄዳል፣ ገጹም የሚገለጠው በዚያው በኩል ነው። መስመሮቹ በጣም ከተራራቁ ግን ልጁ የቱን አስቀድሞ እንደሚያነብ አያውቅም። የድሮ ጸሐፊዎች ቃሉን የትም ቆርጠው ወደ ቀጣዩ መስመር ያሻግሩት ነበር። ለለመደ አንባቢ ችግር የለውም፤ ለጀማሪ ልጅ ግን ቃል አይቆረጥም። መስመሮችን በሁለቱም ጠርዝ እኩል ማድረግም ይቅር። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በአጭር መስመር ላይ በቃላቱ መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል።

ጽሑፉ ሥዕል ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለው ቀለም ፈዛዛና አንድ ወጥ ይሁን። ቅጠል፣ ሣር ወይም የጥለት ጌጥ ላይ ከተጻፈ ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ይዋጣሉ። ጥቁር ቀለም ላይ ነጭ ፊደል ማውጣትም ያምራል፣ ግን አደገኛ ነው። ያ ጥቁር የሚመስለው ዳራ ብዙ ጊዜ ከአራት ቀለማት ድርብርብ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የሚታተመው በራሱ ፕሌት ስለሆነ አንዱ ለጥቂት ካፈነገጠ ቀጭኗ ነጭ ቀለበት በሌላ ቀለም ትሞላለች።

ጽሑፉ በንጹሕ ጥቁር ብቻ ከታተመ ሌላ ጥቅም አለ። ያው መጽሐፍ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሲዘጋጅ የጥቁሩን ፕሌት ብቻ ቀይሮ የቀሩትን ሦስቱን እንዳሉ መጠቀም ይቻላል። ለዚህ ሲባል ሠዓሊው ከመጀመሪያው ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ መተው አለበት፤ የኦሮምኛው ዓረፍተ ነገር በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መስመሩ ሊረዝም ይችላል።

ከመታተሙ በፊት በዚያው መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ናሙና ይውጣ። ወረቀቱ ሻካራ ከሆነ ቀለም ይጠጣል፣ ስክሪን ላይ ጥርት ያለው ፊደል ያብጣል። ናሙናውን ፊደል የቆጠረ የሰባት ዓመት ልጅ ጮክ ብሎ ያንብበው። «ቤ» ላይ ከተደናቀፈ የፊደሉ መጠን በሁለት ነጥብ ይደግ፣ ወይም ወፍራሙ ፎንት በቀጭን ይለወጥ።