የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች የጨዋታ ደቂቃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ልጁ በሳምንት አንድ ጨዋታ ነው ያለው፤ ከምኑ ይደክማል?»

አንድ የሆነው በእርስዎ በአሰልጣኙ ደብተር ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉ ሜዳዎች ጎበዝ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ የአንድ አሰልጣኝ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ይፈልገዋል፣ ፕሮጀክቱ ይፈልገዋል፣ የሰፈሩ ልጆች ለዋንጫ ይጠሩታል፤ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑም ሰው ሲጎድልበት እሱኑ ይወስዳል። እምቢ እንዲል ከሱ አይጠበቅም።

የእንዲህ ያለ ልጅ አንድ ሳምንት እንይ። ማክሰኞ ለትምህርት ቤቱ 60 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ለፕሮጀክቱ ሙሉ 70፣ እሑድ ጠዋት ከትልልቆቹ ጋር ተቀይሮ ገብቶ 30፣ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ 60። ድምሩ 220 ደቂቃ ሲሆን የፕሮጀክቱ አሰልጣኝ የጻፈው 70 ብቻ ነው። ሰኞ ልምምድ ላይ ልጁ እግሩን ሲጎትት «ሰነፍክ» ይባላል፤ አንዳንዴም ለቅጣት ሜዳ ይዞራል።

ደቂቃ በልጁ ስም እንጂ በቡድኑ ስም አይቆጠርም። ሰኞ ሰኞ ከልምምድ በፊት «ከባለፈው ሰኞ ወዲህ የት የት ተጫወትክ? መቼ ገባህ፣ መቼ ወጣህ?» ብለው እያንዳንዱን ይጠይቁ። እውነቱን የተናገረውን ልጅ ወዲያው ከቋሚ 11 ካወጡት በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ይዋሻል። ስለዚህ 220 ደቂቃ የሮጠውን ሰኞን አሳርፈው፣ ቅዳሜ አንዱን አጋማሽ ብቻ ያሰልፉት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ታዳጊዎች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ከልምምድም ከውድድርም እንዲያርፉ ይመክራል። ከላይ ባለው ሳምንት ልምምዱ ሲጨመር ያ ቀን የቱ ጋ ነው?

«ገባ፣ ወጣ ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል?»

ብዙ። አሰልጣኙ ጨዋታ እየመራ መመዝገብ አይችልምና ሥራው የአንድ ሰው ይሁን፤ የማይሰለፍ ልጅ ወይም ወላጅ ይበቃል። በ2 × 35 ጨዋታ ከእረፍት በኋላ ሰዓቱን ከዜሮ የሚያስነሳ መዝጋቢ፣ በሁለተኛው አጋማሽ 12ኛ ደቂቃ የገባውን ልጅ «12» ብሎ ይጽፈዋል። ትክክለኛው 47 ነው። ልጁ የተጫወተው 23 ደቂቃ ሲሆን ደብተሩ 58 ይሰጠዋል። ወጥቶ መመለስ በሚፈቀድባቸው ውድድሮች ደግሞ ለአንድ ልጅ ሁለት መስመር ይተዉ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው መግባቱ ይጠፋል።

«ሁሉንም አጫውታለሁ፤ በሁሉም ጨዋታ ይገባሉ።»

መግባትና መጫወት ይለያያሉ። 10 ጨዋታ 700 ደቂቃ ነው እንበል። ተከላካዩ 665 ተጫወተ፤ 95 በመቶ። ሌላው ልጅ በፈተናና በሕመም 3 ጨዋታ ቀረ፤ በመጣባቸው 7ቱም ገባ፣ ግን መጨረሻ መጨረሻ ላይ እየሆነ በድምሩ 147 ደቂቃ ብቻ አገኘ። የሱ ድርሻ የሚሰላው ከ700 ሳይሆን በተገኘባቸው ጨዋታዎች ካለው 490 ነው፤ 30 በመቶ ይሆናል። ከ700 ቢያሰሉት 21 ይመጣና መታመሙ እንደ እርስዎ በደል ይቆጠራል። በየ4 ጨዋታው ይህን ያስሉ፤ ከግማሽ በታች ያለውን በሚቀጥለው ጨዋታ ከመጀመሪያው ያሰልፉት። «መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ» የሚባለው ቃል ውጤቱ 1 ለ 1 ከሆነ አይከበርም።

«ኤክሴል ላይ ጻፍኩት፤ ድምሩ ግን ዜሮ ይላል። አይሠራም።»

ይሠራል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስለጻፉት ነው። ለኮምፒውተሩ 2017 ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ነው፤ ጥቅምት 30ን 30/2 ብለው ከጻፉማ ጭራሽ ቀን መሆኑን አያውቀውም። የቀን ዓምዱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙሉ። A ቀን፣ B የልጁ ቋሚ ቁጥር፣ F ደቂቃ ከሆኑ፣ የ7 ቁጥር ልጅ የመጨረሻ 7 ቀናት ድምር ይህ ነው፦

```
=SUMIFS(F:F,B:B,7,A:A,">="&TODAY()-6)
```

«በረኛ አይደክምም።»

የሱንም ይጻፉ።

«ጉልበቱን የሚያመው እያደገ ስለሆነ ነው፤ ያልፍለታል።»

ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ቁመት በሚመዘዝበት ዕድሜ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው አጥንት ገና አልጠነከረም፤ የጭን ጡንቻ በሩጫና በዝላይ ደጋግሞ ሲጎትተው ያቺ እብጠት መሰል ቦታ ስትነካ ታማለች። ተረከዝ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዕድገት ብቻውን ሳይሆን ዕድገትና ደቂቃ ሲደራረቡ ነው የሚያባብሰው። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ከደቂቃው ጎን ይጻፉና ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት አራት ሳምንታት ይመልከቱ፤ ደቂቃው ድንገት ዘሎ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። እያነከሰ ያለ ልጅ ዋንጫም ቢሆን አይሰለፍም። ጉልበቱ ካበጠ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፉ ካስነሳው ሐኪም ይየው፤ ወጌሻ አያሽው።