አይፒ አድራሻ ለምን የማንኖርበትን ከተማ ያሳያል፦ የካንሳሱ እርሻ ነገር

አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ፖትዊን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አንድ የእርሻ ቤት አለ። እዛ ቤት ለዓመታት ፖሊስ የጠፋ ልጅ ፍለጋ ይመጣል፣ ኤፍቢአይ ይመጣል፣ የግብር ሰዎች ይመጣሉ፣ ራሱን ሊያጠፋ ነው የተባለ ሰው ፍለጋ አምቡላንስ ሳይቀር ይመጣል፣ ኢንተርኔት ላይ ተጭበረበርኩ ያለ ሁሉ እየደወለ ይሳደባል፣ የቤቱ ሰዎች ግን ከአንዱም ጉዳይ የሉበትም። የአካባቢው ሸሪፍ በመጨረሻ መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ እስከመትከል ደረሰ።

ምክንያቱ የወጣው በፈረንጆቹ 2016 አንዲት ጋዜጠኛ ነገሩን ስትከታተል ነው። ማክስማይንድ የሚባል ኩባንያ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ስትሰጡት ቦታ የሚመልስ ዳታቤዝ ይሸጣል። ስለ አንድ አድራሻ «አሜሪካ ውስጥ ነው» ከማለት በላይ ካላወቀ፣ ዳታቤዙ የግድ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ስለሚፈልግ የአገሪቱን መሀል ይሰጥ ነበር። ትክክለኛው መሀል ቁጥሩ ብዙ ነጥብ ያለው ስለሆነ በፈረንጆቹ 2002 ለቀለለ ቁጥር ብለው 38.0000, -97.0000 አደረጉት፣ እሱ ደግሞ ያ እርሻ ላይ አረፈ። ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻ እዛች ነጥብ ላይ ተከምሮ ነበር።

ታሪኩ ከወጣ በኋላ ነጥቡን ከዊቺታ ከተማ በስተምዕራብ ወዳለ የውሃ አካል አዛወሩት። አሁን እንዲህ ዓይነት መልስ ካያችሁ ያው «አሜሪካ፣ ሌላ አላውቅም» ማለቱ ነው፦

```
"location": {
  "accuracy_radius": 1000,
  "latitude": 37.751,
  "longitude": -97.822
}
```

እዚህ ጋር ዋናው ነገር `accuracy_radius` የሚለው ነው፣ ሰውየው ከዛ ነጥብ ዙሪያ 1000 ኪሎ ሜትር ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል እያለ ነው። ብዙ ዌብሳይት ግን ይሄን መስመር ጥሎ ካርታ ላይ ቀይ ምልክት ብቻ ይተክላል፣ ያየው ሰው ደግሞ ቤቱ ተገኘ ብሎ ያምናል። እኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው የምለው።

የከተማው ስም የሚሳሳተው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። አይፒ አድራሻ ከመሬት ጋር የታሰረ ነገር አይደለም እኮ፣ ለድርጅት ነው የሚሰጠው። ለአፍሪካ የሚያድለው አፍሪኒክ ነው፣ እሱ ለቴሌኮም ድርጅቱ በጅምላ ይሰጣል፣ ድርጅቱ ደግሞ ለፈለገው ከተማ ያከፋፍላል፣ ነገ ከዛ አንስቶ ሌላ ቦታ ሊያደርገውም ይችላል። መዝገቡ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ የዋና መስሪያ ቤቱ አድራሻ ነው። ሞባይል ዳታ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ከስልካችሁ የወጣው ነገር ኔትወርኩ ውስጥ ተጉዞ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በጥቂት በሮች ስለሆነ ውጭ ያለው የሚያየው የበሩን አድራሻ ነው። ስለዚህ ጎንደር ቁጭ ብላችሁ አዲስ አበባ ብሎ ቢያወጣ ማንም ሰለላችሁ ወይ ስልካችሁ ተበላሸ ማለት አይደለም።

በራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አድራሻ በማን ስም እንደተመዘገበ በሚያሳየው ትእዛዝ `whois 8.8.8.8` ብላችሁ ሞክሩ፣ የጉግልን ቢሮ ማለትም ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪውን ያወጣላችኋል። አሁን ለንደን ያለ ዘመዳችሁ `ping 8.8.8.8` ይበል፣ መልሱ ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ከመጣለት ካሊፎርኒያ ሊሆን አይችልም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ደርሶ መልስ ሲሆን 10 ሚሊሰከንድ ማለት ቢበዛ 1000 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፣ ካሊፎርኒያ ግን ከለንደን ከ8000 በላይ ነው። ያው አድራሻ ብዙ አገር ላይ ባሉ ሰርቨሮች ስለሚሰራ ቅርብ ያለው ነው የመለሰው። በዚህ ዘዴ «ከዚህ በላይ አይርቅም» ማለት ትችላላችሁ፣ መልሱ ከዘገየ ግን መንገዱ ስለዞረ ይሁን ቦታው ስለራቀ አትለዩትም።

እና ምን ይነግረናል ካላችሁ፣ አገሩን ብዙ ጊዜ በትክክል፣ የየትኛው ቴሌኮም እንደሆነ፣ የቤት መስመር ነው ወይስ የዳታ ሴንተር የሚለውን ይነግራል፣ ቪፒኤን ካለ ግን አገሩም የቪፒኤኑ ሰርቨር አገር ይሆናል። ሰፈር፣ ቤት፣ የሰው ስም ግን አይነግርም። የማን እንደነበር የሚያውቀው መስመሩን የሰጠው ድርጅት ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን አንድ አድራሻ በአንድ ጊዜ ለብዙ ደንበኛ ሊጋራ ስለሚችል አይፒው ብቻ አይበቃውም፣ ትክክለኛ ሰዓቱና ግንኙነቱ የተለየበት የፖርት ቁጥር ካልተያዘ ከሚጋሩት መሀል አንዱን ነጥሎ ማውጣት አይችልም።