በሐዋሳ የክትባት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ፦ ሰረዝ፣ ባዶ ሳጥንና ያልነበረ ዓምድ

የክትባት መዝገብ በጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ደብተር ነው። አንድ ሕፃን አንድ ረድፍ ይይዛል። ረድፉ ከግራው ገጽ ተነሥቶ ወደ ቀኙ ይሻገራል። ስም፣ አድራሻና የትውልድ ቀን በግራ፣ የክትባት ቀኖቹ በአብዛኛው በቀኝ ይገኛሉ። የመጨረሻው ዓምድ «ምርመራ» ይባላል። ከሕክምና ምርመራ ጋር ግን አይገናኝም፣ የማስታወሻ ቦታ ነው።

በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚናገረው ግን ከ1999 እስከ 2011 ስለተሞሉ መዝገቦች ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ሲገለበጡ ያየኋቸው እነሱ ናቸውና። ራስጌያቸው ላይ የታተመው ክልል ደቡብ ነው። ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነችው በ2012 ነው። ገልባጭ የታተመውን እንዳለ ይጽፋል እንጂ አያርምም።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው የተጻፈው አይደለም። የተጻፈውን ማንም ያነባል። ችግር ያለው ባልተጻፈው ላይ ነው።

መጀመሪያ ያልነበረውን ዓምድ እንይ። አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታ የገባው በ1999 ነው። የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ በ2004፣ የተቅማጥ መከላከያው ሮታ በ2006፣ ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት በ2011 ተከተሉ። በ2002 የታተመ መዝገብ የፒሲቪ ዓምድ የለውም። ሁሉም መዝገብ በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ሲገባ ግን የ2002ቱ ሕፃን የፒሲቪ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ይታያል። ላየው ሰው ያልተከተበ ልጅ ይመስላል። ክትባቱ ራሱ አገር ውስጥ አልገባም ነበር እኮ! ስለዚህ እንዲህ ያለው ሳጥን ባዶ አይተውም። `NA` ይጻፍበታል፣ ትርጉሙም «ዓምዱ በመዝገቡ ላይ የለም» ነው።

ሰረዝ ሌላ ነገር ነው። ፖሊዮ 0 የሚባለው ጠብታ የሚሰጠው ሕፃኑ በተወለደ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ይቀራል፣ በኋላ አይካካስም። እናት ሕፃኑን በስድስተኛው ሳምንት ካመጣች ነርሷ ሳጥኑን በሰረዝ ትዘጋዋለች። ሰረዟ «አይቼዋለሁ፣ ጊዜው አልፏል» ማለት ነው። ይህን አልጠራጠርም። አንዳንድ ገልባጮች ሰረዝና ባዶ አንድ ነው ይላሉ። በሌሎቹ ዓምዶች ላይ ምናልባት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዷ ነርስ በሰረዝ የምትገልጸውን ሌላዋ ባዶ ትተወው ይሆናል። በፖሊዮ 0 ላይ ግን ተሳስተዋል።

ባዶ ሳጥን ከሁሉም የከፋ ነው። ልጁ አልመጣም፣ ሌላ ቦታ ተከትቧል፣ ተከትቦ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው። ገልባጭ ከሦስቱ አንዱን የመምረጥ ሥልጣን የለውም። ባዶውን ባዶ ይተወዋል። ቀለም ፈስሶበት ወይም ወረቀቱ ተቀዶ ካልተነበበ ደግሞ `?` ያስቀምጣል።

አሁን አንድ ረድፍ እንውሰድ። ለምሳሌ ያዘጋጀሁት ነው፣ የማንም ልጅ አይደለም። ሕፃኑ የተወለደው ጥቅምት 3 ቀን 2009 ነው። ለቦታ ስል ከዓምዶቹ ጥቂቱን ብቻ አስቀምጫለሁ።

```
ተ.ቁ,ቢሲጂ,ፖሊዮ0,ፔንታ1,ፔንታ2,ፔንታ3,ኩፍኝ
47,15/03/2009,-,15/03/2009,13/04/2009,,09/11/2009
```

ኅዳር 15 ልክ 42ኛው ቀን ነው፣ ስድስት ሳምንት። ታኅሣሥ 13 ደግሞ አሥረኛው ሳምንት ነው። ሦስተኛው ፔንታ በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ጥር 11 ላይ መሰጠት ነበረበት። ሳጥኑ ባዶ ነው። ኩፍኙ ዘጠኝ ወር ካለፈው በኋላ ሐምሌ 9 ተሰጥቷል።

ገልባጩ ደክሞታል እንበል። ከፔንታ 2 በኋላ ዓይኑ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ቀን ይዘላል፣ ጣቱ ግን ታብን አንዴ ብቻ ይጫናል። ሐምሌ 9 ፔንታ 3 ላይ ይወድቃል። ኩፍኝ ባዶ ይሆናል። ሦስተኛውን ፔንታ ያልወሰደ ልጅ እንደወሰደ፣ ኩፍኝ የወሰደው ደግሞ እንዳልወሰደ ተቆጠረ። ኮምፒውተሩ አይጮህም፤ ቀኑ ትክክለኛ ቀን ነዋ።

ይህ በምን ይታወቃል? የቀኑ ርቀት ብቻውን አይበቃም። ዘግይቶ በዘጠኝ ወሩ ፔንታ 3 የሚወስድ ልጅ አለ። ማየት ያለብን ጎረቤቶቹን ነው። ፔንታ 3፣ ፖሊዮ 3 እና ፒሲቪ 3 በአንድ ቀን አብረው ይሰጣሉ። ፔንታ 3 ቀን ይዞ ሁለቱ ባዶ ከሆኑ ረድፉ ሳይንሸራተት አልቀረም፤ ደብተሩ ይከፈታል። ሮታ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሁለት ዙር ብቻ ስለነበረ ከሰፊው ራስጌ ሥር ሁለት ሳጥን ነው ያለው። ሦስት ነው ብሎ የጀመረ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ በአንድ ሳጥን ይገፋዋል። ይሄኛው ጥፋት እንኳ ቶሎ ይታያል፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ከሰንጠረዡ ውጭ ይወጣል።

የቀኑ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ የተተየበውን ቀን በፈረንጆቹ ያነበዋል። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተዘጋጀ 13/04/2009ን ያለ ምንም ጥያቄ ኤፕሪል 13 ያደርገዋል። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/02/2009፣ ሲመጣ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፦ ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን በስተቀኝ፣ ጽሑፍ ነው ያለውን በስተግራ ያስጠጋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱም ከታዩ ነገር ተበላሽቷል። ኮምፒውተሩ ወርን ከቀን አስቀድሞ እንዲያነብ ከተዘጋጀ ደግሞ ጳጉሜን 3 በ3/13/2009 ሲጻፍ ማርች 13 ሆኖ ያርፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን መቅደም አለበት። ዓምዱ መተየብ ሳይጀመር ጽሑፍ (`Text`) ተብሎ ይሰየማል። ከተተየበ በኋላ መሰየም የተለወጠውን ቀን አይመልስም።

ስለ ዲቶም ጥቂት ልበል። በአድራሻው ዓምድ ላይ ነርሷ አንዴ «ሃዌላ ቱላ» ብላ ከሥሩ አሥር ረድፍ ሁለት ጭረት፣ ዲቶ፣ ታወርዳለች። ወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ሰንጠረዡ በስም ሲደረደር ግን ዲቶው ከላዩ ያለው ሰው ይቀየርበታል፤ የሃዌላ ቱላው ልጅ የታቦር ይሆናል። እዚህ ከተማ በጥንቃቄያቸው የማከብራቸው ገልባጮች ሁለት ዓምድ ይይዛሉ። በአንዱ እንደታየው ጭረቷን ያስቀምጣሉ፣ በሌላው የተፈታውን ቃል ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ዲቶ ከገጹ አናት ላይ ከሆነ ያለፈውን ገጽ ገልጠው ያያሉ። ገጹ ከጠፋ የተፈታው ዓምድ ላይ `?` ይገባል።

ከደብተር ወጥተን ወደ ወርኃዊ ሪፖርት ስንሄድ ዜሮ አለ። ሪፖርቱ በሚገባበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ በ`DHIS2`፣ ላይ አንድ መረጃ ዜሮ እንዲያስቀምጥ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ የተተየበው 0 አይቀመጥም። «አንድም ሕፃን አልመጣም» የሚለውና «ሪፖርቱ አልተሞላም» የሚለው በኋላ ላይ ሳይለያዩ ይቀራሉ። ለዚህ ነው የወረቀቱ ቅጂ ከፋይሉ ጋር የሚታሰረው፤ እዚያ ላይ 0 በእስክሪብቶ ተከቦ ይገኛል።